ሐሳቡ የኔ ነበር፣ የተሰማው ግን ከሌላ ሰው አፍ ነው

ለምክር አምድ አዘጋጇ፣ እንደምን ሰነበቱ?

ዘንድሮ የተመረቅኩ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ባለፈው ወር አንድ ድርጅት ለምዘና ቀን ጠርቶኝ ነበር። ስድስት ሆነን አንድ ጠረጴዛ ከበብን። አምስት የፕሮጀክት ሐሳቦች ከነወጪያቸው ተሰጡንና በ40 ደቂቃ ውስጥ ተስማምተን ሦስቱን እንድንመርጥ፣ በጀቱም ከ90 እንዳያልፍ ተነገረን። ሦስት ታዛቢዎች ግድግዳውን ተጠግተው ይጽፋሉ። ቡድኑ ወዲያው ሁለተኛውን፣ አራተኛውንና አምስተኛውን ወደደ። እኔ ስደምረው 95 ሆነብኝ። «ትንሽ አይበዛም?» አልኩ፤ የሰማኝ የለም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንዱ ልጅ ይህንኑ ሲናገር ሁሉም አመሰገኑት። እኔ ዝም አልኩ። አላለፍኩም። ምክንያቱን ስጠይቅ «በትንተናም በትብብርም በቂ ማስረጃ አልታየም» የሚል መልስ ሰጡኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ። አሁን ምን ላድርግ? ብዙ ላውራ? ወይስ ሰዓት ተቆጣጣሪ ልሁን፣ ወይስ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው እኔ ልሁን?

ዝም ያልኩት ተመራቂ

---

እህቴ፣ ለዓመታት በዚያ ግድግዳ ሥር ወረቀት ይዘው ከሚቀመጡት አንዷ ነበርኩ። ስለዚህ የሰጡሽን መልስ ቃል በቃል ውሰጂው። «ትንተና አትችልም» አላሉሽም። «ማስረጃ አልታየም» ነው ያሉሽ። ልዩነቱ እንዲገባሽ ወረቀቱ ላይ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ።

ሦስት ታዛቢ ለስድስት ሰው ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ታዛቢ ሁለት ተወዳዳሪ ይደርሰዋል። የእነዚያን የሁለቱን ንግግር እየተከተለ ይጽፋል፤ የቀሩትን በጨረፍታ ነው የሚያያቸው። ሥራው አራት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ያያል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ውይይቱ ካለቀ በኋላ የጻፈውን በየብቃቱ ሥር ይመድባል፣ ነጥብ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ውይይቱ እየተካሄደ ነጥብ አይሰጥም፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የወደድነውን ሰው እስከ መጨረሻው መውደድ ይቀናናልና። የሚጻፈውም የተባለውና የተደረገው ብቻ ነው፣ ከነደቂቃው። እኔ ሥራውን ስለማመድ ስለ አንድ ልጅ «በራሱ የሚተማመን» ብዬ ጻፍኩ፤ አሠልጣኛችን ሰረዘችው። «ምን ብሎ? ምን አድርጎ?» ስትለኝ ላስታውስ አልቻልኩም። ልጁ ያን ጊዜ ጥሩ ነገር ተናግሮ ይሆናል፤ ወረቀቴ ላይ ግን የኔ አስተያየት እንጂ የእሱ ቃል አልነበረም፤ ስለዚህ ምንም ነጥብ ልሰጠው አልቻልኩም።

አሁን ያንቺን ወረቀት በዓይነ ሕሊናሽ ተመልከቺው። «12ኛ ደቂቃ፦ ‹ትንሽ አይበዛም?› ዝቅ ባለ ድምፅ። መልስ የሰጠ የለም።» ከዚያ እስከ 22ኛው ደቂቃ ባዶ ነው። በ22ኛው ደቂቃ ልጁ ስለ 95 ሲናገር የሚጻፈው በእሱ ታዛቢ ወረቀት ላይ ነው። ያንቺ ታዛቢ ያን አንድ መስመር ይዞ ምን ያድርግ? «ትንተና» ሥር ሊያስገባው ይፈልጋል፤ ግን ምኑ ነው የበዛው? ሰዉ፣ ጊዜው፣ ወጪው? ደምረሽ 95 እንዳገኘሽ ከአፍሽ አልወጣም። በብዙ ቦታ ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ምን ዓይነት ድርጊት እንደሚጠበቅ ተጽፏል። ለምሳሌ 4 ለማግኘት «መረጃዎችን አገናኝቶ ችግሩን ያሳያል፣ ለውሳኔው ያለውን ትርጉም ይናገራል» ሊል ይችላል። ካንቺ መስመር ውስጥ ይህን ማውጣት አይቻልም፤ ታዛቢው ቢያዝንልሽ እንኳ አይችልም።

ያው ሐሳብ እንዲህ ቢባል ኖሮስ? «ይቅርታ፣ ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንይ። የመረጥናቸው ሦስቱ 40፣ 35 እና 20 ናቸው፤ ድምሩ 95 ነው፣ ያለን ግን 90። አራተኛውን አውጥተን በ30 የሚሠራውን አንደኛውን ብንተካ ልክ 90 ይመጣልናል። አራተኛውን አጥብቆ የሚፈልግ አለ?» ሃያ ሰከንድ አይፈጅም። ወረቀቱ ላይ ግን ሦስት ቦታ ይመደባል። ድምሩ ትንተና ነው፣ መተኪያው ውሳኔ ነው፣ የመጨረሻው ጥያቄ ትብብር ነው። የሌሎቹን ስሜት የጠየቅሽው ለይምሰል ሳይሆን አንድ ነገር እንዲተዉ ስለምትጠይቂያቸው መሆኑ ደግሞ ጥያቄውን እውነተኛ ያደርገዋል።

አንዴ ሳይሰሙሽ ቢቀሩ ድጋሚ መናገር ነውር አይደለም። ታዛቢው ለሁለተኛ ጊዜ መናገርሽንም ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ «ሐሳቡን ይዞ ጸና» ተብሎ ይመደብልሻል። ልጁ በ22ኛው ደቂቃ ሲናገርም አላለቀልሽም ነበር። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የቆጨኝ እዚህ ጋ ዝም ማለትሽ ነው። «እኔ ቀድሜ ብዬ ነበር» ማለት አያምርም፣ ወረቀቱም ላይ አያምርም። ነገር ግን «እኔም 95 ነው ያገኘሁት፤ አንደኛውን ብንተካ 90 ይመጣል» ብትይ የልጁን ሐሳብ ደግፈሽ ወደ መፍትሔ ወሰድሽው ማለት ነው። ችግሩን እሱ አነሣ፣ መውጫውን አንቺ አሳየሽ። ለሁለታችሁም ይጻፍላችኋል።

ብዙ ላውራ ወይ ላልሽው፦ ብዙ የሚናገር ሰው እንደ መሪ የመታየት ዕድሉ ከፍ እንደሚል በጥናት ተደጋግሞ የታየ ነው፤ የሚናገረው ነገር ያን ያህል ባይረባም። ታዛቢ የሚሠለጥነው ይህን ዝንባሌ እንዲቋቋም ነው። ሁሉም ይቋቋማል ብዬ አልዋሽሽም። ሆኖም እያንዳንዱ መስመር የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት ሊሰጠው እንደሚችል አትርሺ። ሰው አቋርጦ መናገር፣ የተባለውን ሳይሰሙ የራስን መድገም፣ በሌላው ሐሳብ መሳቅ ሁሉም ከነደቂቃው ይጻፋል። በ40 ደቂቃ ውስጥ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይዘሽ ብትገቢ ከበቂ በላይ ነው ባይ ነኝ።

ሰሌዳውና ሰዓቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ማርከር የያዘ ሰው በራሱ ነጥብ አያገኝም። አንድ ቀን ወዲያው ብድግ ብሎ ማርከሩን ያነሣ ልጅ ደርሶኝ ነበር። የራሱን ሦስት ሐሳብ ጻፈ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ሁለት ጊዜ ተናገረች፣ አልጻፈላትም። በወረቀቴ ላይ ትብብር ሥር ሁለት የመቀነስ ምልክት አረፈበት፤ ከመቀመጫው ባይነሣ ኖሮ አንዱም አይኖርበትም ነበር። ሰዓት መቆጣጠርም እንዲሁ ነው። «አሥር ደቂቃ ቀረን» ማለት እንደ ደወል ነው፤ ምንም አይናገርም። «አሥር ደቂቃ ቀርቶናል፣ ያልወሰንነው አንድ ነገር ነው፤ አምስቱን ለእሱ፣ አምስቱን ለማጠቃለያው እናድርግ» ካልሽ ግን የዕቅድ ማስረጃ ሰጠሽ።

ሰብሳቢ ያልሾሙላችሁም ሆን ብለው ነው። በ1942 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር መኮንኖችን ሲመርጥ መሪ ያልተሰየመለት ቡድን ይሰጥ ነበር፤ ሥልጣን ማንም ሳይኖረው ማን ምን እንደሚያደርግ ለማየት። የሚታየው ይኸው ነውና መሪነቱን ለመንጠቅ አትጨነቂ።

ዝም ያለን ሰው ወደ ውይይቱ ማስገባት የሚባል ምክር ሰምተሽ ይሆናል። ታዛቢዎች ደግሞ በየምዘናው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» የሚል ሰው ስለሚሰሙ ከዚህ ጥያቄ ብቻ ብዙ አያገኙም። ሰውዬው ከተናገረው ነገር ጋር ስታያይዢው ነው ክብደት የሚኖረው፦ «ቅድም ስለ ሠራተኛ ብዛት ጀምረሽ ተቋረጠብሽ፣ ጨርሺልን።» ይህን የምትይው መስማት ከቻልሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ስትሰሚ ማስታወሻ ያዢ።

አንዳንድ ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው የሚከራከርለት ክፍል ወይም ሐሳብ ይሰጠዋል። ያኔ የያዝሽው ሐሳብ ቢሸነፍ ወደቅኩ እንዳይመስልሽ። የሚመዘነው የቆምሽለትን በምክንያት ማስረዳትሽና የተሻለ ሲመጣ መቀበልሽ ሁለቱም ነው።

የዚህ ምዘና አንድ ጉድለት ደግሞ ሊደበቅ አይገባም። ያው ሰው በቡድን ውይይት ትብብሩ 2፣ በሌላው ፈተና ደግሞ 4 ሊሆን ይችላል። ሳኬትና ድሬኸር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እ.ኤ.አ. ነጥቦቹ ከብቃቱ ይልቅ በየፈተናው እንደሚቧደኑ አሳይተዋል። ቀኑ በአንድ ፈተና የማይወሰነውም ለዚህ ነው፤ በየፈተናው ታዛቢው ይለዋወጣል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ወረቀታቸውን ይዘው ተሰብስበው ማስረጃውን ያነጻጽራሉ። ጧት ቡድኑ ውስጥ ዝም ብትይ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻሽን ስታቀርቢ የሚያይሽ ሰው ያንን ላያውቅ ይችላል። ፊትሽን አጥቁረሽ አትግቢበት።

ለሦስቱ ሳምንት አንድ ሥራ ልስጥሽ። ድርጅቱ የሚመዝናቸውን ብቃቶች በማስታወቂያው ወይም በላከልሽ ደብዳቤ ላይ ፈልጊ፤ ከሌሉ ጻፊና ጠይቂ። ከዚያ አራት ወይም አምስት ጓደኞችሽን ሰብስቢ፣ ለሦስት የሚበቃ በጀትና አምስት አማራጭ ያለው ጉዳይ አዘጋጂ፣ 30 ደቂቃ ተወያዩ። አንዱ ጓደኛሽ ግን አይወያይ። ጥግ ይዞ ያንቺን ቃል ብቻ ይጻፍ፣ ከነደቂቃው፣ ያለ አስተያየት። ሲያልቅ ወረቀቱን ተቀበዪና በየመስመሩ ጎን የትኛው ብቃት ሥር እንደሚገባ ጻፊበት። ወረቀቱን ለማያውቅሽ ሰው ብትሰጪው ከመስመሮቹ ብቻ ምን እንዳሰብሽ ማወቅ መቻል አለበት።

በንባብ ጊዜውም ሁሉን ነገር ለማንበብ አትሩጪ። ሦስት ነገር በራስሽ ወረቀት ላይ አስፍሪ፦ ሊታለፍ የማይችለውን ገደብ፣ የማይጣጣሙ ቁጥሮችን፣ የምትመርጪውንና አንድ ምክንያቱን። ባለፈው የማይጣጣመውን ቁጥር አግኝተሽው ነበር። አሁን ግን በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ከነቁጥሩ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸው።