ያጠኑት ቃል የት ያድራል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ማስታወስ የሚጠይቁ ስለሆኑና የአንዱ መልስ ለሌላው ስለሚያግዝ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ።

«አንድ ቃል ሳጠና አንጎሌ ውስጥ በትክክል የሚለወጠው ምንድን ነው? አዲስ ሕዋስ ይፈጠራል?» (ተማሪ፣ ማራኪ)

በዋናነት የሚለወጠው የሕዋሶቹ ቁጥር ሳይሆን አንዱ የነርቭ ሕዋስ ከሌላው ጋር የሚገናኝበት፣ ሲናፕስ የሚባለው መጋጠሚያ ነው። መልእክት ላኪው ሕዋስ ግሉታሜት የተባለ ኬሚካል ወደ ጠባቡ ክፍተት ይለቃል፤ በተቀባዩ ሕዋስ ገጽ ላይ ደግሞ ይህን ኬሚካል የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት በሮች አሉ። አምፓ የሚባለው በር ግሉታሜት እንደ ነካው ተከፍቶ ሶዲየም ያስገባል። ኤንኤምዲኤ የሚባለው ግን መተላለፊያው በማግኒዥየም የተወተፈ ስለሆነ ግሉታሜት ቢያገኝም አያሳልፍም። ውታፉ የሚነሣው ተቀባዩ ሕዋስ ራሱ በዚያው ቅጽበት በበቂ ሁኔታ ሲነቃቃ ነው። ይህ በር ላኪው መልእክት መላኩንና ተቀባዩ መነቃቃቱን በአንድ ጊዜ ካላረጋገጠ አይከፈትም ማለት ነው፤ ሁለት ነገሮች አብረው መከሰታቸውን አንጎል የሚለይበት እጅግ የሚደንቀኝ ስልት ይህ ነው።

በሩ ሲከፈት ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ የሚያነቃቃቸው ኤንዛይሞችም ተጨማሪ የአምፓ በሮች ወደ መጋጠሚያው መጥተው እንዲተከሉ ያደርጋሉ። ከዚያ በኋላ ያው የቀድሞው የግሉታሜት መጠን የበለጠ ምላሽ ያስነሣል። ቲም ብሊስና ቴርዬ ሎሞ በኦስሎ በጥንቸሎች ላይ ያደረጉትንና እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙትን ሥራ ታዋቂ ያደረገው ይህ ዓይነቱ ለውጥ ነው፤ አዲስ ትዝታ የሚመሠረትበት የአንጎል ክፍል ወደሆነው ወደ ሂፖካምፐስ በሚገባው የነርቭ መስመር ላይ ለሰከንዶች ብቻ ፈጣን የኤሌክትሪክ ምት ሰጥተው፣ የመጋጠሚያዎቹ ምላሽ ለሰዓታት ጎልብቶ እንደሚቆይ አዩ። ክስተቱም ሎንግ ተርም ፖቴንሺዬሽን፣ ማለትም ለረዥም ጊዜ የሚቆይ ጥንካሬ፣ ተባለ።

በኤሌክትሪክ የተገኘ ነገር የእውነተኛ ትምህርት ሥራ ስለመሆኑ ምን ማስረጃ አለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሪቻርድ ሞሪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1986 የኤንኤምዲኤን በር የሚዘጋ መድኃኒት ለአይጦች ሲሰጡ፣ አይጦቹ በደፈረሰ ውኃ ሥር የተደበቀችውን መቆሚያ ያለችበትን ቦታ መማር ተሳናቸው። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጊዜ ብቻ የተገኘ ትምህርት በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ ተመሳሳይ ጥንካሬ እንደሚያስከትል ለክተው አሳዩ። ይህ ማለት ግን አንድ ቃል በአንድ ሲናፕስ ላይ ተቀምጧል ማለት አይደለም፤ አንድ ትዝታ የሚያርፈው በብዙ መጋጠሚያዎች የጥንካሬ ልዩነት ላይ ነው።

«ለፈተና ሌሊቱን ሙሉ ሳጠና አድሬ ጠዋት ወረቀቱን ሳይ ሁሉም ይጠፋብኛል። ምን እየሆንኩ ነው?» (የጤና ተማሪ)

ከላይ የገለጽኩት ጥንካሬ ሁለት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ቀድሞ በነበሩ ፕሮቲኖች የሚሠራ ስለሆነ ፈጥኖ ይመጣል፤ ነገር ግን ካልተደገፈ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ እየላላ ይሄዳል። ሁለተኛው ሕዋሱ በኒውክለሱ ውስጥ ያሉ ጂኖችን አንቅቶ አዲስ ፕሮቲን እንዲሠራ ይጠይቃል። በሙከራ የፕሮቲን ሥራው ሲታገድ የመጀመሪያው ደረጃ ይታያል፣ ሁለተኛው ግን አይመጣም። ስለዚህ ሌሊቱን ያጠኑት ነገር መጽሐፉን ሲዘጉ «ያዝኩት» የሚያሰኝ ሆኖ ሳለ ገና ያልጸና ሊሆን ይችላል።

ሰዓቱን ማርዘምም እንደሚያስቡት አያግዝም። ከአይጥ አንጎል በተቆረጠ የሂፖካምፐስ ቁራጭ ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ምት ከመጀመሪያው በ10 ወይም በ30 ደቂቃ ልዩነት ሲሰጥ የጨመረው ነገር አልነበረም፤ በ60 ደቂቃ ልዩነት ሲሰጥ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ያልተነኩ ሲናፕሶች ጭምር ተጠናከሩ። ይህ በቀጥታ ለሰው የጥናት ሰዓት ይሠራል አልልም፤ ነገር ግን ያንኑ ገጽ ወዲያው ወዲያው ከመደጋገም አንድ ሰዓት ቆይቶ መመለስ ለምን እንደሚሻል ፍንጭ ይሰጣል። እንቅልፉም ራሱ ሥራ ነው፦ አይጥ ስትሄድ አብረው የነቁ የሂፖካምፐስ ሕዋሶች ከዚያ በኋላ በእንቅልፏ ውስጥ እንደገና አብረው እንደሚነቁ እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል። መያዝ አለመያዝዎን ለማወቅ ከፈለጉ ደግሞ ገጹን መልሰው አያንብቡ፤ ደብተሩን ዘግተው በባዶ ወረቀት ላይ ይጻፉት። ሲያዩት ማወቅና ሳያዩት ማምጣት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

«ማስታወስን የሚያጠነክር መርፌ ወይም ክኒን አለ?» (ነጋዴ፣ ፒያሳ)

ጤነኛ ሰው ያጠናውን ነገር ለይቶ የሚያጸናለት መድኃኒት የለም። ትዝታ ያለው በልዩነት ላይ ስለሆነ ሁሉንም ሲናፕስ አንድ ላይ ማጠንከር ምንም አያስቀምጥም፤ ግሉታሜት ከልክ ሲያልፍም የሚጥል በሽታን ሊያስነሣና የነርቭ ሕዋስን ሊገድል ይችላል።

«አባቴ መሪጌታ ናቸው። ከታመሙ ወዲህ ጠዋት የነገርናቸውን ከሰዓት በኋላ አያስታውሱም፤ መቋሚያ ሲይዙ ግን ዝማሜውን አንድም አይስቱም። እንዴት ይሆናል?» (ልጃቸው፣ አዘዞ)

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ያዩት ነገር እውነተኛ ነው እንጂ አባትዎ እያስመሰሉ አይደለም።

የእርስዎን ጥያቄ የሚመስል ታሪክ ያለው ሄንሪ ሞሌሰን የተባለ አሜሪካዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 የሚጥል በሽታውን ለማስታገስ ዊሊያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም ከሁለቱም የአንጎሉ ወገን የሂፖካምፐሱን ትልቅ ክፍል ከዙሪያው ጋር ቆርጦ አወጣለት። በሽታው ቀነሰ፤ ሰውየው ግን ከዚያ በኋላ የሚያገኘውን ሰው፣ የሰማውን ወሬ፣ የበላውን ምሳ የሚያስቀምጥበት አጣ። የልጅነቱን ያስታውሳል፤ ንግግሩም ደኅና ነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ አንድ ቀን ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው፣ እጁን በመስተዋት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ጠርዝ እንዲከተል አደረጉት። በመስተዋት ውስጥ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ እርሳሱ በየማዕዘኑ ይስታል። ቀን በቀን እየተለማመደ ሲሄድ ስሕተቱ አነሰ፤ እርሱ ግን በየጊዜው ይህን ሥራ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም ይል ነበር። እጁ ተምሮ ነበር።

ለካ ሁለቱ በተለያየ ቦታ ይሠራሉ። «ዛሬ ጠዋት ምን ተባለ» የሚለው በሂፖካምፐስና በዙሪያው ይመሠረታል፤ ከዚያም በብዙ ጊዜ ውስጥ የአንጎል ቅርፊት ይረከበዋል። መቋሚያው ከዜማው ጋር የሚወዛወዝበት፣ እግሩ ከከበሮው ጋር የሚነሣበት ልማድ ግን ይበልጡን የተመሠረተው ሴሬቤለም በሚባለው የአንጎል የኋላ ክፍልና ስትራያተም በሚባለው የውስጠኛው ክፍል ነው። በዚያ ላይ አባትዎ ዝማሜውን የተማሩት በወጣትነታቸው ስለሆነ፣ አሁን የተጎዳው አዲስ ነገር የሚያስገባው በር ብቻ ቢሆን አሮጌው ሊተርፍ ይችላል።

ይህን ስል ሕመማቸውን ለይቻለሁ ማለቴ አይደለም። አዲስ ነገር መርሳት የአልዛይመር ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ ድብርትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ተመሳሳይ ነገር ያመጣሉ፣ እነዚህም ሲታከሙ ሊሻሻሉ የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው፤ ሲሄዱም መርሳቱ በአንድ ቀን ድንገት የጀመረ ወይም ቀስ በቀስ የመጣ መሆኑን፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና አሁን የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ድንገት የጀመረ ከሆነ ግን ወረቀቱን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ይሂዱ።