ስለ ፀረ ተባይ ቅሪትና ስለ ገደቡ ጠይቁ፦ የቡናው ጆንያ

ቡና አቅራቢ፣ ጅማ፦ ዶክተር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ቡናችንን ያገደችው መርዝ ስለነበረበት ነው? የእኛ ገበሬ እኮ ቡናውን አይረጭም።

መልስ፦ ገበሬው አልረጨም ማለትዎ ዋናው ፍንጭ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ለአንድ ሰብል የተለየ ገደብ ያልወጣለትን ኬሚካል ሁሉ በአንድ ኪሎ ከ0.01 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ደነገገች። በአንድ ቶን ቡና ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ማለት ነው። ቡናው ላይ የተገኙት እነ ሊንዴን፣ ክሎርዴንና ሄፕታክሎር ነበሩ፤ አሮጌ፣ በቀላሉ የማይፈርሱ፣ ማንም ቡና ላይ የማይረጫቸው ፀረ ተባይ ኬሚካሎች። ስለዚህ ጥርጣሬው ከማሳው ወጥቶ በጆንያው ላይ አረፈ።

ይህን መለየት ይቻላል። ርቀው ከሚገኙ አካባቢዎች የመጣ ቡና ሁሉ አንድ ዓይነት የኬሚካል ስብስብ ካሳየ ምክንያቱ የጋራ ነው። ከዚያ ቡናው ጆንያ ሳይነካ ከመፈልፈያው ላይ ናሙና ይወሰዳል፤ ባዶው ጆንያ ለብቻው ይመረመራል፤ በመጨረሻም ከጆንያው ግድግዳ አጠገብ ያለው ፍሬ ከመሃሉ ጋር ይነጻጸራል። ግድግዳው አጠገብ ያለው ፍሬ ኬሚካሉ ከበለጠበት ጥፋቱ የጆንያው ነው። ጆንያው ግን የት ተበከለ? ሲሠራ ነው ወይስ ፀረ ተባይ በተቀመጠበት መጋዘን? ይህንን ከቡናው ላይ ብቻ ማንበብ አይቻልም።

ላኪ፦ እኔም ጆንያ ነው ብያለሁ። የጆንያው ዘይት ነው የበከለው።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ቃጫውን ለማለስለስ የሚቀባው የማዕድን ዘይት ለቡና የራሱ ጣጣ አለው፤ ለዚህም ነው ለምግብ የሚሠራ ጆንያ በአትክልት ዘይት የሚለሰልሰው። ሊንዴን ግን ዘይት አይደለም። ሁለቱን አትደባልቁ።

የግብርና ባለሙያ፦ ለማንኛውም ገደቡ የንግድ መሰናክል ነው። ማንንም አይጎዳም።

ላኪ፦ እርስዎ ገዢ ሆነው ቢሆን የሌላውን አገር ቃል ያምኑ ነበር?

መልስ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ሰዎች ሁልጊዜ የሚሳሳቱበት ቦታ ነውና። ገደብ የመርዝነት ድንበር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ባለሙያዎች ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳውም ያሉት የሊንዴን መጠን በእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.005 ሚሊ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በቀን 0.3 ሚሊ ግራም ይሆናል። ቡናው የዚያን 0.01 ገደብ እጥፍ፣ በአንድ ኪሎ 0.02 ሚሊ ግራም ይዟል እንበል። ያንን 0.3 ለመሙላት ሰውየው በቀን 15 ኪሎ ቡና መጨረስ አለበት። ጤናውን የሚነካ አይደለም፤ ጭነቱ ግን ይመለሳል፣ መመለሱም ሕጋዊ ነው። ባለሙያው «አይጎዳም» ሲሉ የሚዘነጉት ደግሞ አለ፦ እነዚህ ኬሚካሎች በሰውነት ስብ ውስጥ ይከማቻሉ፣ ከሌላ ምግብም ይመጣሉ። ስሌቱ የሚሠራው ለአንድ ምግብ ሲሆን፣ ሰው የሚበላው ግን ቡና ብቻ አይደለም።

ተጠቃሚ፦ ቲማቲም መርዝ አለው?

መልስ፦ የት የበቀለ? ምን ተረጭቶ? ከርጭቱ በስንተኛው ቀን ተለቅሞ? እነዚህ ሳይታወቁ መልስ የለኝም።

ተጠቃሚ፦ ቲማቲሙን በኮምጣጤ ብናጥብስ? መርዙ ይወጣል?

መልስ፦ ላዩ ላይ የቀረውን በሚፈስ ውኃ እያሹ ማጠብ ይቀንሰዋል። ፍሬው ውስጥ የገባውን ኮምጣጤም አያወጣውም። ዋናው ጥያቄ አሁንም ከርጭት እስከ ለቀማ ያለው ጊዜ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኛ አቃቂ ወንዝ አጠገብ ነን፤ ጎመኑ በወንዙ ውኃ ነው የሚለማው። ብቀቅለው እርሳሱ ይጠፋል?

መልስ፦ አይጠፋም፣ እህቴ። ብረት በእሳት አይፈርስም። ማጠብ አፈሩንና አቧራውን ያነሳል፣ ቅጠሉ ከውስጥ የሳበውን ግን አይነካም። በእርሳስ ላይ ደግሞ የቡናውን ስሌት መሥራት አይቻልም፤ የዓለም ባለሙያዎች ቀድሞ ያስቀመጡትን «የሚፈቀድ» ሳምንታዊ መጠን እ.ኤ.አ. በ2010 አንስተውታል፤ ለሕፃናት አእምሮ ጉዳት የለውም የሚባል መጠን አላገኙምና። ልጆች ካሉ ቅጠላ ቅጠሉን ከሌላ ቦታ ይግዙ።

ቡና አቅራቢ፣ ጅማ፦ መጋዘኔ ቀድሞ የማኅበር የፀረ ተባይ ማከማቻ ነበር። ቡናውን በጆንያ ልኬ ላስመርምር?

መልስ፦ በጆንያ አይላኩ! የትኛው እንደበከለ ፈጽሞ አይታወቅም። ከመሃልና ከዳር ለየብቻ ቅዱ፤ ናሙናውን በንጹሕ አልሙኒየም ወረቀት ጠቅልሉ፤ በላዩ ላይ የጆንያውን ቁጥርና የወሰዳችሁበትን ቦታ ጻፉ። ባዶ ጆንያም ጨምሩ፣ ከመጋዘኑ ወለል የተጠረገ አቧራም በሌላ ጥቅል። ተቆልቶ አይላክ፤ እሳቱ ቅሪቱን ይቀንሰዋል፣ ገዢው ግን የሚመረምረው ጥሬውን ነው። አቧራው ላይ ኬሚካሉ ከተገኘ፣ ውጤቱ እስኪጣራ ቡናውን ከዚያ መጋዘን አውጡት።