«ይላክ» የምትለዋን ቃል አንሺያት

«አዲስ የቡድን መሪ ነኝ። ከኔ ሥር ሰባት ሰው አለ። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ‹ሪፖርቱ ዘግይቷል። ዛሬ 11 ሰዓት ይላክ።› ብዬ ጻፍኩ። ማንም አልመለሰልኝም። በኋላ አንዷ ‹የናቅሽን ነው የሚመስለው› አለችኝ። እኔ ማንንም አልናቅኩም። ምኑን ላስተካክል?»

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ የራሴ መስሎኝ ደነገጥኩ። እኔም ንብረት ክፍል ስመራ ሰባት ሰው ነበር ከኔ ጋር። እኔም ማንንም አልናቅኩም ነበር። ግን አንድ አጭር መልእክት ጽፌ በጣም የማከብራቸውን ሰው አጣሁ። አንቺ ላይ እንዳይደርስ በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1. «ይላክ»ን አንሺው። ይህቺ ቃል ውስጥ ሰው የለም። የሚልከው ማነው? ለማን ነው የሚልከው? አይታወቅም። «ይቅረብ»፣ «ይስተካከል»፣ «ይታወቅ»፤ እነዚህ ሁሉ የማስታወቂያ ሰሌዳ ቃላት ናቸው። ቁጥርና ማህተም ያለው ደብዳቤ ላይ ቦታቸው ነው። ጠዋት አብረውሽ ቡና ለጠጡ ሰዎች ስትጽፊው ግን ባዕድ ያደርግሻል። «ላኩልኝ» በይ። «ላኩ» ውስጥ እነሱ አሉ፣ «ልኝ» ውስጥ አንቺ አለሽ። አንዲት ቃል ናት፤ ጊዜም አትወስድብሽም።

2. ስህተት ያየሽ ሲመስልሽ፣ ከማዘዝሽ በፊት ጠይቂ። እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው።

ወቅቱ ሰኔ መጨረሻ ነበር፣ የበጀት ዓመት መዝጊያ። ዓመታዊ ቆጠራ ላይ ነን። ሦስት መጋዘን አለን። ሰዎቼ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አቧራ ውስጥ ሲቆጥሩ ከረሙ። ሪፖርቱ የደረሰኝ ማታ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ቤቴ ቁጭ ብዬ ሳገላብጠው የዘይት ፊልትሮ ላይ ዓይኔ አረፈ። የመጋዘኑ መመዝገቢያ ካርድ 40 ይላል። ቆጠራው 480 ይላል። 440 ትርፍ! ደሜ ፈላ። ስልኬን አነሳሁና ግሩፑ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የቆጠራው ሪፖርት ልክ አይደለም። ነገ ተስተካክሎ ይቅረብ።» ከዚያ ተኛሁ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ዋናው መሥሪያ ቤት ስብሰባ ነበረኝ። ሁሉም መልእክቱን አይተውታል፣ አንድም ሰው አልመለሰም። ዝምታውን እሺታ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን ቢሮ ስገባ ሦስቱም መጋዘን ተከፍቶ ቆጠራው ከአንድ ተጀምሯል። የቱ መስመር፣ የቱ ዕቃ እንደሆነ አልነገርኳቸውማ! «ሪፖርቱ ልክ አይደለም» ነው ያልኩት። እነሱም ሁሉንም ልክ አይደለም ብለው ወሰዱት።

ጋሼ የምንላቸው የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። እኔ ተማሪ ሳለሁ እሳቸው እዚያ መጋዘን ውስጥ ይሠሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንድ ካርቶን ይዘው ቢሮዬ ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው በቁልፋቸው ጫፍ ፕላስተሩን ቀደዱት። ፊልትሮዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ደረደሩልኝ። አሥራ ሁለት። «ካርዱ በካርቶን ነው የተጻፈው። እኛ የቆጠርነው በፍሬ ነው» አሉኝ። 40 ካርቶን በ12፣ 480 ፍሬ። አንዲት እንኳን አልጎደለችም፣ አንዲት አልተረፈችም። ቀጥለው «ብትጠይቂን እኮ ያኔውኑ እንነግርሽ ነበር ልጄ» አሉ። አልተቆጡም። እሱ ነው ልቤን የሰበረው። በሳምንቱ የዝውውር ማመልከቻ አስገቡ።

እንግዲህ አስቢው። ያን ማታ «የዘይት ፊልትሮው ካርድ ላይ 40፣ ቆጠራው ላይ 480 ሆኖብኝ ነው። ምን ይሆን ልዩነቱ?» ብዬ ብጽፍ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ደረቅ መልእክት ሰው ያስቀይማል ብቻ አይደለም። ቁምነገሩንም አብሮ ይቆርጠዋል።

ዝውውሩን ላስቀር የሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። ጋሼን ከቡድኑ ፊት ይቅርታ ልጠይቃቸው ስለፈለግኩ ጥቂት ቀን እንዲያቆዩልኝ ለመንኩ። የክፍሉ ሰው ከወረቀቱ ቀና ሳይል «መሪ ይቅርታ ከጠየቀ ሠራተኛ ይንቀዋል። ማመልከቻው ሄዷል» አለኝ። ተቀመጪ እንኳን አላለኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አልሰማሁትም። ያስቀየምኩት ግሩፑ ላይ ስለነበር ይቅርታውንም እዚያው ጻፍኩ፦ «ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ ቆጠራችሁ ልክ ነበር። ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለት ቀን በከንቱ አስለፋኋችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።» በደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፣ አንዷም «አይዞሽ» አለችኝ። ማንም አልናቀኝም። ጋሼ ግን ሄዱ።

3. ደግሞ ፈርተሽ አታለስልሺው። እኔ ከዚያ በኋላ «ሲመቻችሁ ብትልኩልኝ ደስ ይለኛል» ማለት ጀመርኩ። ከሰባቱ የላኩልኝ ሦስት ብቻ ናቸው። ጥፋታቸው አይደለም፣ «ሲመቻችሁ» ብያለሁ። ሰዓቱን አትንኪው። የሚያሞቀው የሰዓቱ ምክንያት ነው። 11 ሰዓት ለምን 11 ሰዓት እንደሆነ ንገሪያቸው።

ስለ ምስጋናም ልንገርሽ። «ለምታደርጉት ጥረት እናመሰግናለን፣ ግን...» አትበይ። «ግን» ከመጣች በፊቷ ያለውን ሁሉ ትበላዋለች። ያየሽውን፣ የሠሩትን አንድ ነገር ለይተሽ ጥቀሺና «አሁን የቀረን» ብለሽ ቀጥዪ። የምታመሰግኚበት ነገር ከሌለ ተዪው፣ የውሸቱ ያስታውቃል።

ያንቺ መልእክት ላይ ሌላም ያየሁት አለ። «ሪፖርቱ ዘግይቷል» ስትዪ በሰዓቱ የላኩትም አብረው ተወቀሱ። በሰዓቱ የላከ ሰው ያንን ሲያነብ «ታዲያ እኔ ለምን ለፋሁ?» ይላል። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«እንደምን ዋላችሁ። የሦስታችሁ ሪፖርት ደርሶኛል፤ ወጪውን በየወሩ ለይታችሁ ስላስቀመጣችሁልኝ ሥራዬን አቅልሎልኛል። አሁን የቀረን የአራት ሰው ነው። እስከ 11 ሰዓት ላኩልኝ፤ ማታ አጠቃልዬው ነገ ጠዋት ስብሰባ ላይ ማቅረብ አለብኝ። ያልሞላ ነገር ካለ ያለውን ላኩና የጎደለውን ጻፉልኝ፣ አብረን እናየዋለን።»

ሦስት፣ አራት የሚለውን እንደ ራስሽ አስተካክዪው። ስትልኪው ደግሞ ቀን ላይ ይሁን። የማታ መልእክት አልጋ ላይ ነው የሚነበበው፤ እስኪነጋ ሲብላላ ያድራል።

10 ሰዓት ላይ ያልላከ ካለ ደውዪለት፣ ግሩፑ ላይ ስሙን አትጥሪ። በዕድሜ የሚበልጥሽ ከሆነ ስልኩንም ተዪው። ተነሺና ቢሮው ድረስ ሂጂ።