ጅማ ያለው ኩባንያ ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ገንዘባችሁ ስንተኛ ወረፋ ላይ ነው?

ከጅማ ተደውሎ «የቡና ማበጠሪያው ቆሟል፣ ባንኩ ደብዳቤ ጽፏል» ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ንብረቱ ስንት ያወጣል ብሎ ነው። ከዚያ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ከውጭ አገር ለቤተሰቡ ኩባንያ የላካችሁት ገንዘብ ምን ተብሎ ነው የተመዘገበው? የኩባንያው ድርሻ (ካፒታል) ከሆነ ዕዳው ሁሉ ተከፍሎ የተረፈ ካለ ብቻ ነው የሚደርሳችሁ። ብድር ከሆነ ከሌሎች ባለገንዘቦች፣ ማለትም ኩባንያው ዕዳ ካለበት ሰዎች ጋር ትሰለፋላችሁ። መያዣ የተመዘገበለት ብድር ከሆነ ደግሞ በዚያ ንብረት ላይ ከሰልፉ ፊት ትቆማላችሁ። ወረፋው የሚወሰነው ገንዘቡ በገባበት ጊዜ በተጻፈው ወረቀት እንጂ በቤተሰብ ቅርበት አይደለም።

ወረቀት ስል ቀላል ነገር አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም ባለዕዳው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲያምን፣ ወይም በመሐላ ነው። የባንክ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ገንዘብ መላኩን እንጂ ለምን እንደተላከ አይናገርም። ሥራ አስኪያጁ አጎታችሁ ሆነው «አዎ፣ ብድር ነው» ቢሉ እንኳ ሌሎቹ ባለገንዘቦች ይህ የዘመድ ምስክርነት ነው ብለው ይከራከራሉ። እውነታቸውን ነው፤ በእነሱ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ያንኑ ትሉ ነበር።

አሁን ወደ ሁለቱ መንገዶች እንምጣ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ዕዳ መክፈል ላቃተው ነጋዴ የመክሰር ሥርዓት ብቻ ሳይሆን መልሶ የማደራጀት ሥርዓትም ዘርግቷል። በመክሰር ሥርዓት ፍርድ ቤት የሚሾመው ባለአደራ ንብረቱን ይሰበስባል፣ ይሸጣል፣ በወረፋው መሠረት ያከፋፍላል፤ ኩባንያውም በዚያው ያበቃል። መልሶ በማደራጀት ግን ድርጅቱ እየሠራ ይቆያል፤ በተናጠል የሚቀርብ ክስና አፈጻጸም ጋብ ይላል፤ ዕዳው እንዴት እንደሚቀነስና እንደሚራዘም የሚያሳይ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ ባለገንዘቦች ድምፅ ይሰጡበታል፤ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል። ከእነዚህ ጋር የማይምታታ ሦስተኛ ነገር አለ፦ ዕዳውን መክፈል የሚችል ኩባንያ ባለድርሻዎቹ ስለተስማሙ ብቻ ሲፈርስ። እዚያ የሚሾመው ሒሳብ አጣሪ ነው፤ የኪሳራ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ምሳሌ ወስደን በቁጥር እንሥራው። ጅማ ዳር ላይ የጀንፈል መፈልፈያና ማበጠሪያ ያለው ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አለ እንበል። ሕንፃው ከሊዝ መብቱ ጋር ለባንክ ተይዟል፤ በሐራጅ 18 ሚሊዮን ብር ያወጣል። መያዣ ያልተመዘገበበት ንብረት ደግሞ ማሽኑ 5 ሚሊዮን፣ አይሱዙው 2.5 ሚሊዮን፣ መጋዘን ያለው ቡና 1.5 ሚሊዮን፣ በድምሩ 9 ሚሊዮን ነው። ዕዳው ይህን ይመስላል፦ ባንክ 22 ሚሊዮን፣ ግብር 3 ሚሊዮን፣ የሠራተኛ ደመወዝና ስንብት 2 ሚሊዮን፣ ከማናና ከጎማ ወረዳዎች ቡና በዱቤ ላመጡ አቅራቢዎች 6 ሚሊዮን። በመጨረሻ ከውጭ ያለ አንድ ባለድርሻ፣ እናንተ ናችሁ እንበል፣ በጽሑፍ ያበደረው 4 ሚሊዮን አለ።

ኩባንያው ከከሰረ ባንኩ ከሕንፃው 18 ሚሊዮኑን ይወስዳል። የጎደለው 4 ሚሊዮን አይጠፋም፤ ዋስትና የሌለው ዕዳ ሆኖ ከእናንተ ጋር ይሰለፋል። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከቀሪው 9 ሚሊዮን ለባለአደራው፣ ለጥበቃ፣ ለግምትና ለሐራጅ 1 ሚሊዮን ይወጣል። ከዚያ ሠራተኛው 2፣ ግብር 3 ሚሊዮን ይወስዳሉ። 3 ሚሊዮን ቀረ። የሚጠብቁት አቅራቢዎች 6፣ የባንኩ ጉድለት 4፣ የእናንተ 4፣ በድምሩ 14 ሚሊዮን ናቸው። 3 ለ14 ሲካፈል ከእያንዳንዱ ብር 21 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ለ4 ሚሊዮኑ ብድር 857 ሺህ ብር ገደማ ማለት ነው። ለድርሻው ዜሮ።

ብድሩ ወረቀት ባይኖረውና እንደ ካፒታል ቢቆጠር ኖሮ 857 ሺሁም አይኖርም፤ አቅራቢዎቹና ባንኩ 3 ሚሊዮኑን ለ10 ተካፍለው 30 ሳንቲም ያገኙበት ነበር። በተቃራኒው ገንዘቡ ሲገባ በማሽኑ ላይ መያዣ ተመዝግቦ ቢሆን ከ5 ሚሊዮኑ ሽያጭ 4 ሚሊዮኑ በሙሉ ይመለስ ነበር። የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ በአዋጅ ቁጥር 1147/2011 መሠረት በብሔራዊ ባንክ በኩል ባለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይመዘገባል፤ ቅድሚያውም በምዝገባ ቀን ነው። በሕንፃ ላይ ከሆነ መያዣው ንብረቱ ባለበት ቦታ መዝገብ ካልገባ ዋጋ የለውም፤ ምዝገባውም የሚጸናው ለአሥር ዓመት ስለሆነ ሳይታደስ ያለፈበትን መያዣ ይዞ መከራከር አያዋጣም።

በሠራተኛና በባንክ መካከል ያለው ድንበር ግን እንደ ምሳሌው የጠራ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክፍያ ከሌሎች ክፍያዎችና ዕዳዎች ይቀድማል ይላል። ባንኩ በበኩሉ የተመዘገበ መያዣዬ በዚህ ሕንፃ ላይ ማንንም ይቀድማል ይላል። ስለዚህ ስሌቱን በሁለቱም መንገድ ሥሩት። ሠራተኞቹ 2 ሚሊዮናቸውን ከሕንፃው ቢወስዱ ባንኩ 16 ያገኛል፣ ጉድለቱም 6 ይሆናል። ከመያዣ ነፃ ከሆነው ንብረት ወጪውና ግብሩ ወጥተው 5 ሚሊዮን ይቀራል፤ የሚካፈለው 16 ሚሊዮን ነው፤ ድርሻችሁ 1 ሚሊዮን 250 ሺህ ብር ይሆናል። ሠራተኛው ባንኩን ሲረታ ዋስትና የሌለውም ይጠቀማል ማለት ነው። በዚህ ክርክር ከማን ጎን እንደምትቆሙ ስሜት ሳይሆን ይህ ሒሳብ ይንገራችሁ።

መልሶ ማደራጀት የሚሻለው መቼ ነው? የአገር ቤት ሰው «ድርጅቱ እንዳይሸጥብን» ስላለ ብቻ አይደለም። ሁለት ቁጥር ጠይቁ። የመጀመሪያው አሁን ያሰላነው፣ ቢከስር የሚደርሳችሁ ነው። ሁለተኛው ማበጠሪያው ቢሠራ ዕዳ ከመክፈሉ በፊት በዓመት የሚያስገባው ጥሬ ገንዘብ ነው። የባንኩ ወለድ 15 በመቶ ነው ብንል ለ22 ሚሊዮን በዓመት 3.3 ሚሊዮን ብር ይበላል። ማበጠሪያው በዓመት 3.5 ሚሊዮን የሚያስገባ ከሆነ ለግብር፣ ለሠራተኛ፣ ለአቅራቢ፣ ለእናንተ የሚተርፈው 200 ሺህ ነው። ይህ ዕቅድ ሳይሆን የቀብር ቀን ማራዘሚያ ነው። 6 ሚሊዮን የሚያስገባ ከሆነ ግን 2.7 ሚሊዮን ይተርፋል። የግብሩና የሠራተኛው 5 ሚሊዮን በአምስት ዓመት ቢከፋፈል በዓመት 1 ሚሊዮን ይወስዳል፤ ለአቅራቢዎችና ለእናንተ 1.7 ሚሊዮን ይቀራል፤ በአምስት ዓመት 8.5 ሚሊዮን። በዚህ መንገድ የባንኩ ዋና ብድር ለአምስት ዓመት ሳይነካ መቆየቱን ልብ በሉ፤ ባንኩ ካልተስማማ ዕቅዱ የለም።

የጅማ ቡና ሥራ በወቅት የሚሄድ በመሆኑ ዕቅዱ የሚፈርስበት ቦታ ይታወቃል። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና መግዣ ጥሬ ገንዘብ ካልተገኘ ማሽኑ ጤነኛ ቢሆንም የሚፈለፍለው ጀንፈል የለም። በዱቤ ሰጥቶ የተበላ አቅራቢ ዘንድሮ በእጅ ካልተከፈለው ከረጢቱን አያወርድም። ስለዚህ የቀረበላችሁን ዕቅድ ስታነቡ ስለ ዕዳው ማራዘም ከሚያወራው ክፍል በፊት የዘንድሮው መግዣ ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለውን ፈልጉ። ካልተጻፈ መልሱ «ከእናንተ» ነው። ብትልኩ እንኳ በሥርዓቱ ውስጥ፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ፣ አዲስ ብድር ተብሎ ይግባ፤ እንዲህ የገባ ገንዘብ ከድሮው ዕዳ ይቀድማል። በአጎታችሁ የግል ሒሳብ ከላካችሁት እንደገና መጨረሻው ወረፋ ላይ ናችሁ።

ሌላው የሚያታልለው ብሩ ራሱ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለምሳሌ በአምስት ዓመት በብር የሚከፈል 60 ሳንቲም ዛሬ በእጅ ከሚሰጥ 30 ሳንቲም መሻሉን በዶላር አስልታችሁ ካላያችሁ አይታወቅም። የውጭ ብድር ተብሎ በብሔራዊ ባንክ ያልተመዘገበ ከሆነ ደግሞ በውጭ ምንዛሬ መልሶ ለማውጣት ትቸገራላችሁ።

ኩባንያው ሊወድቅ ሲል «ለአንተ ቀድመን እንክፈል፣ አይሱዙውን በስምህ እናዙርልህ» የሚባል ነገር ይመጣል። በቅንነት ይሆናል፤ ግን አትቀበሉ። ኩባንያው ክፍያ ካቆመ በኋላ ቀኑ ላልደረሰ ዕዳ የተከፈለ፣ በስጦታ የተላለፈ፣ ወይም ለአሮጌ ዕዳ በአዲስ የተመዘገበ መያዣ በባለአደራው ጥያቄ ሊፈርስ ይችላል። መኪናው ተመልሶ ይወሰዳል፤ በዚያ ላይ ሌሎቹ ባለገንዘቦች የእናንተን 4 ሚሊዮን ብድር በሙሉ በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ።

ባንኩ ደግሞ አይጠብቃችሁም። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት በሐራጅ መሸጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ጅማ ላለው ኩባንያ እንጂ ለእናንተ አይደለም። መልሶ ማደራጀት የሚታሰብ ከሆነ ማመልከቻው ሐራጁ ከመካሄዱ በፊት መግባት አለበት፤ ሕንፃው ከተሸጠ በኋላ የሚደራጅ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ውክልናውን ጀምሩ። በኤምባሲ የተፈረመው ውክልና አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ እስኪመዘገብ ቀናት ይበላል። ወኪሉ ከሥራ አስኪያጁ ሌላ ሰው ይሁን፤ የአንድ ሰው ሁለት ኮፍያ እዚህ ጉዳይ ላይ አይሠራም። በውክልናው ውስጥ «ዕዳ እንዲያስመዘግብ፣ በባለገንዘቦች ስብሰባ ድምፅ እንዲሰጥ፣ በዕዳ ቅነሳ ላይ እንዲስማማ ወይም እንዲቃወም» የሚል በግልጽ ይጻፍ፤ ጠቅላላ ውክልና ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ዕዳ ቅነሳው ላይ ሲደርስ ይመለሳል። የብድር ውሉን፣ የባንክ ማስተላለፊያውን፣ ኩባንያው ገንዘቡን በሒሳብ መዝገቡ ላይ በብድር የመዘገበበትን ገጽ አንድ ላይ አስይዙት። የዕዳ ማስመዝገቢያው ቀን በማስታወቂያው ላይ ይጻፋል፤ ወኪሉ ማስታወቂያውን ካየበት ሰዓት ጀምሮ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ።