ኢንተርቪው ላይ «ለምን ከትልቁ?» ሲሉህ

«ሰላም ጋሼ። ለሶፍትዌር ሥራ ኢንተርቪው ገብቼ፣ ትሪ ላይ የሁለት ኖዶችን የቅርብ የጋራ ቅድመ አያት በባይነሪ ሊፍቲንግ አወጣሁ። ኮዱ ሠራ። ግን ‹ዝላዩን ለምን ከትልቁ ትጀምራለህ?› ሲሉኝ ምላሴ ተሳሰረ። ሁለተኛ ዙር አለብኝ። ምን ላንብብ?»

ምንም አዲስ ነገር አታንብብ። ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣና ይቺን አንዷን ጥያቄ ጨርሳት። የገባውን ከሸመደደው የምትለየው እሷ ናት፣ እነሱም ያውቃሉ።

በቅድሚያ ባይነሪ ሊፍቲንግ የቅድመ አያቶች ሠንጠረዥ ለምን እንዳስፈለገው ሳይጠይቁህ ተናገር። ጥያቄው አንድ ብቻ ከሆነ ወላጅ በወላጅ እየወጣህ ትደርሳለህ፣ ሠንጠረዥ ምን ያደርጋል? 200,000 ኖድ በአንድ መስመር የተደረደረበት ትሪ ላይ 200,000 ጥያቄ ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ጥያቄ መላውን መስመር ሊያስወጣህ ይችላል፣ ያኔ አለቀልህ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኖድ 1፣ 2፣ 4፣ 8... ደረጃ በላይ ያለውን ቅድመ አያት ቀድመህ ትመዘግባለህ። አሞላሉ ቀላል ነው፤ 4 ደረጃ በላይ ያለው ማለት፣ 2 ደረጃ በላይ ካለው ላይ ደግሞ 2 መውጣት ነው። 2^18 ማለት 262,144 ስለሆነ 18 ረድፍ ይበቃል። በጠቅላላው 3.6 ሚሊዮን ቁጥር፣ በ4 ባይት ሲታሰብ 14.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሥሩን ወላጅ ራሱን ሥሩን አድርገው፣ ከላይ የሚያልፍ ዝላይ እዚያው ይቀራል።

አሁን ወደተሳሰርክባት። ይሄን ሣል፦ ሥሩ 1 ነው። በግራ 2፣ ከ2 በታች 4፣ ከ4 በታች 6። በቀኝ 3፣ ከ3 በታች 5፣ ከ5 በታች 7። የ6 እና የ7 መልስ 1 እንደሆነ በዓይንህ ታያለህ። ኮዱ መጀመሪያ ጥልቅ የሆነውን ኖድ ወደ ሌላው ጥልቀት ያወጣል፤ እዚህ ግን ጥልቀታቸው እኩል ስለሆነ በቀጥታ ወደዚህ እንገባለን። `up[j][u]` ማለት ከ`u` 2^j ደረጃ በላይ ያለው ቅድመ አያት ነው፣ `LOG` ደግሞ የረድፎቹ ብዛት፦

```
for j in range(LOG-1, -1, -1):
    if up[j][u] != up[j][v]:
        u, v = up[j][u], up[j][v]
return up[0][u]
```

የምንዘለው የተለያየ ቦታ የሚያደርሰን ከሆነ ብቻ ነው። 4 ብንዘል ሁለቱም 1 ላይ ይገናኛሉ፣ ስለዚህ እንተወዋለን። መገናኘታቸው የጋራ መሆኑን እንጂ የቅርብ መሆኑን አይነግረንም። 2 ብንዘል 6 ወደ 2፣ 7 ወደ 3 ይሄዳሉ፤ ይለያያሉ፣ ዘለልን። ከዚያ 1 ብንዘል ይገናኛሉ፣ ተውነው። ቆመን የቀረነው ልክ ከመልሱ አንድ ደረጃ በታች ነው፣ የ2 ወላጅ ደግሞ 1።

ከትንሹ ብትጀምርስ? 1 ትዘላለህ፣ 4 እና 5 ላይ ትደርሳለህ። 2 ስትሞክር ሁለቱም 1 ላይ ስለሚገናኙ ትተወዋለህ። 4ም እንደዚያው። የቀረችህ አንዲት ደረጃ ናት፣ የ1 ዝላይህን ግን ቀድመህ ጨርሰሃል! መልስህ 2 ይሆናል፣ ስህተት። አስቂኙ ደግሞ ጥያቄውን ገልብጠህ 7 እና 6 ብትል 3 ይልሃል። መልስህ በቅደም ተከተል የሚቀያየር ከሆነ መጀመሪያ የ`for` ዙሩን አቅጣጫ ጠርጥር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። እስከ መልሱ አፋፍ መውጣት ያለብህ ደረጃ፣ እዚህ 2፣ የ1፣ 2፣ 4፣ 8... ድምር ሆኖ የሚጻፈው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፣ እያንዳንዷንም ቢበዛ አንዴ ነው የምትጠቀመው። ከትልቁ ስትወርድ ሊገባ የሚችለውን ትወስዳለህ፣ ትርፉ ሁልጊዜ በቀሩት ትንንሾች ይሸፈናል። ከትንሹ ስትወጣ ግን የማያስፈልግህን 1 አስቀድመህ ትበላለህ። በዚህ መንገድ በትክክል የምትደርሰው ርቀቱ 0፣ 1፣ 3፣ 7፣ 15... ሲሆን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የተሳሳተው ኮድ ትንንሽ ምሳሌዎችን አልፎ የሚያታልለው። ጠያቂው ፊት ይሄን በሰባት ኖድ ከሣልክለት ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም ባይ ነኝ።

ጥልቀት ማስተካከሉ ላይ ግን ቅደም ተከተሉ ምንም አይደለም፤ እዚያ ልዩነቱን አስቀድመህ ስለምታውቀው የትኞቹ ዝላዮች እንደሚያስፈልጉ ተወስኗል። ይሄንንም ሊጠይቁህ ይችላሉ፣ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል።

የምትረሳት አንዲት መስመር ግን አለች። 6 እና 2ን ጠይቅ። 6 ሁለት ወጥቶ ራሱ 2 ላይ ያርፋል፣ መልሱ 2 ነው። እዚያ ጋ `if u == v: return u` ካላልክ ኮዱ ወደ `for` ዙሩ ቀጥሎ የ2ን ወላጅ 1ን ይመልስልሃል።

በፓይተን የምትጽፍ ከሆነ ጥልቀቱን በሪከርሽን አትሙላ፤ ነባሪ ገደቡ 1000 ስለሆነ ረጅም መስመር ላይ ይፈነዳብሃል። በወረፋ ደረጃ በደረጃ ሂድ። ከዚያ 10 ኖድ ያላቸው ዘፈቀደ ትሪዎች እያወጣህ፣ ሁሉንም ጥንድ በሁለቱም ቅደም ተከተል ወላጅ በወላጅ ከሚወጣው ኮድ ጋር አወዳድር።