ውሉ ላይ «ቀብድ» ብለህ አትጻፍ

ጥያቄ፦ «የኪችን ካቢኔት ሥራ በራሴ ልጀምር ነው። ስንት ቀብድ ልቀበል? ብዙ ብጠይቅ ደንበኛው እንዳይሸሽ ፈራሁ።»

ወንድሜ፣ ስንት ከማለትህ በፊት ስሙን ቀይረው።

1ኛ፦ ውሉ ላይ «ቀብድ» የምትለውን ቃል አታስገባ። እኔ በውድ ነው የተማርኳት። የ180 ሺህ ብር ሥራ ይዤ 20 ሺህ ቀብድ ተቀበልኩ፤ ሰውዬው የዘመድ ወዳጅ ስለነበር ከዚያ በላይ መጠየቅ አሳፈረኝ። ኤምዲኤፉን፣ ማጠፊያውን፣ እጀታውን በ105 ሺህ ገዝቼ፣ በልኩ አስቆርጬ ስጨርስ «ባለቤቴ ቀለሙን አልወደደችውም፣ ቀብዱን ውሰደው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። በእሱ ግድግዳ ልክ የተቆረጠ ካቢኔት ማን ይገዛኛል? ሁለቱን በሮች ወርክሾፕ ውስጥ የሻይ ጠረጴዛ አድርጌያቸዋለሁ።

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አዛውንት ጋ ሄድኩ። ውሉን ገልበጥ አድርገው አዩና «ራስህ ፈቅደህለት ምን ብለህ ትከሰዋለህ?» አሉኝ። አነጋገራቸው አናደደኝ፤ ነገሩ ግን እውነታቸውን ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል። አፍራሹ ተቀባዩ ከሆነ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ አሁን «ቅድመ ክፍያ» ብዬ እጽፋለሁ። ስሙ ብቻ አይበቃምና ከሥሩ «ደንበኛው ሥራውን ቢተው የተገዛውን ዕቃና የተሠራውን ሥራ ዋጋ ይከፍላል» የሚል አንድ መስመር እጨምራለሁ።

2ኛ፦ የመጀመሪያው ክፍያ ዕቃውን ይሸፍን። ያንኑ ሥራ ዛሬ ብይዘው 60 በመቶ፣ 108 ሺህ ማለት ነው፣ ሳይገባ ጣውላ አላስቆርጥም። 30 በመቶውን፣ 54 ሺህ፣ የምቀበለው ካቢኔቱ ወርክሾፕ ተገጣጥሞ ደንበኛው መጥቶ ካየው በኋላ፣ አይሱዙ ላይ ሳይጫን ነው። እዚህ ላይ እንዳትለሳለስ! «ተገጥሞ ልየውና እከፍላለሁ» ይሉሃል። ግድግዳው ላይ አንዴ ከታሰረ ግን ልንቀል ብትል ሰው ቤት የገባህ ጥፋተኛ አንተ ትሆናለህ። «ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪንሾት ቢያሳይህም የራስህን ሂሳብ ከፍተህ ሳታይ አትጫን።

ለመጨረሻ የማስቀረው 10 በመቶ ብቻ ነው፣ በሮቹ ተስተካክለው በማስረክብበት ቀን የሚከፈል። አንዲት ደንበኛ እኔ ባልሠራሁት ግራናይት ሰበብ ይህችኑ አራት ወር ይዛብኛለች። አናዶኛል፤ ግን ዕቃዬም የሠራተኛ ደሞዜም ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ብድር ውስጥ አልገባሁም።

ይሸሻሉ ወይ? አዎ፣ ይሸሻሉ። ባለፈው ወር አንዱ 60 በመቶ ስለው ብድግ ብሎ ሄደ። ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ፣ እነዚያ ሁለት በሮች ላይ ትቶት።