«ከአንተ ጋር ያልተስማማው ማን ነበር?»

ጥያቄ፦ «ስድስት ዓመት ኮድ ጽፌአለሁ። ለሲኒየር መሐንዲስነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ የኮዱን ፈተና አልፌ በቀጣዩ ዙር ወደቅሁ። ‹የቴክኒክ አመራር አላየንብህም› ይሉኛል። አለቃ ሆኜ አላውቅም፤ ታዲያ ምን ልንገራቸው?»

እኔም በዚያው ዙር ወድቄአለሁ፤ የሚያናድደው ደግሞ ጥሩ ታሪክ ይዤ መውደቄ ነው። ያኔ ባሕር ዳር ላይ አራት ሆነን ወደ ዘጌ ለሚሻገሩ ጀልባዎች የትኬት መሸጫ እንሠራ ነበር። ሻጩ ወደቡ ላይ ቆሞ በስልኩ ይሸጣል። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ መልስ ይዘገይበታል፤ ጀልባው ሊነሣ ነው፤ ቁልፉን ደግሞ ይጫናል። የመጀመሪያው ሽያጭ ግን ሰርቨሩ ዘንድ ደርሷል፤ መንገድ ላይ የቀረው መልሱ ብቻ ነው። ማታ ሒሳብ ሲዘጋ አንድ መንገደኛ ሁለት ትኬት ገዝቶ ይገኛል።

መፍትሔው አጭር ነው። ስልኩ ለእያንዳንዱ ሽያጭ የማይደገም መለያ ያወጣል፤ በ`sale_key` ላይ የ`UNIQUE` ገደብ ያለበት ዳታቤዝም ያንኑ መለያ ሁለተኛ ጊዜ አይመዘግብም።

```sql
INSERT INTO sales (sale_key, trip, seat, amount)
VALUES ($1, $2, $3, $4)
ON CONFLICT (sale_key) DO NOTHING;
```

በቃለ መጠይቁ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ይህንን ሰሌዳ ላይ ስተነትን ቆየሁ። ጠያቂዋ ታግሣ ሰማችኝና «ከአንተ ጋር ያልተስማማው ማን ነበር?» አለችኝ። «ሁላችንም ተስማምተን ነው የሠራነው» ብዬ መለስኩ። ትሕትና መስሎኝ ነበር፤ እውነትም አልነበረም።

እውነቱ ይህ ነው። አንድ ባልደረባችን ሽያጩ ሁሉ በካፍካ ወረፋ በኩል ይለፍ ብሎ ለሁለት ሳምንት ተከራክሮናል። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ ሽያጩን የሚመዘግበው ክፍል ለጥቂት ጊዜ ቢቆም ወረፋው ያቆይለታል። የእኛ መስመር የሚበጠሰው ግን በስልኩና በሰርቨሩ መካከል ነው። ሻጩ ሁለቴ ከላከ ወረፋውም ሁለት ሽያጭ ይቀበላል፤ ስለዚህ መለያው ያኔም አይቀርልንም። በዚያ ላይ አራት ሰዎች ነን፤ ሌሊት ሲበላሽ ተነሥቶ የሚያስተካክለው ማን ነው? አንድ ገጽ ጻፍኩ፦ ችግሩን፣ ያየናቸውን አማራጮች፣ የመረጥነውንና የሚያስከፍለንን ዋጋ። በመጨረሻም ምን ቢለወጥ ውሳኔውን እንደገና እንደምናነሣ አሰፈርኩ፤ የእሱም ሐሳብ እዚያ ቦታ አገኘ። ሌሎች ሲስተሞች የሽያጩን ዜና በየራሳቸው መቀበል የጀመሩ ዕለት ወረፋው ይታሰባል። እሱም አንብቦ ተስማማ። አለቃው አልነበርኩም፤ የሚፈልጉት አመራር ግን ይኸው ነበር።

ሰው ማብቃትን ሲጠይቁህም «ጀማሪዎችን አግዛለሁ» አትበል። እኔ ዛሬ የምናገረው ይህንን ነው። መለያውን የስልኩ ላይ ኮድ ውስጥ ያስገባችው ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች ልጅ ነበረች። ኮዷን ስገመግም መለያው የሚወጣው ሽያጩ ሲጀመር ሳይሆን በላኪው ፈንክሽን ውስጥ መሆኑን አየሁ። ስለዚህ ሻጩ በተጫነ ቁጥር አዲስ መለያ ይፈጠራል፤ ገደቡም የሚይዘው ነገር የለውም። በአንድ መስመር ማረም እችል ነበር። «ሽጪና መልሱ ከመድረሱ በፊት የስልኩን ኔትወርክ አጥፊ፤ ከዚያ መልሰሽ ክፈቺና ድገሚ፤ ሠንጠረዡንም ተመልከቺ» አልኳት። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁለት ረድፍ፣ ሁለት የተለያየ መለያ ይዛ መጣች፤ ስሕተቱን ራሷ ነገረችኝ። ያንኑ ሙከራ ወደ ፈተና ኮድ ቀየረችው። ከወራት በኋላ የሌላ ሰው ኮድ ስትገመግም «ይህ መለያ መቼ ነው የሚፈጠረው?» ብላ ስትጠይቅ ሰማኋት። ጠያቂዎች የሚሹት ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ነው፤ አንተ በሌለህበት የተለወጠ ነገር።

ከዚያ በኋላ መቆፈራቸው አይቀርም። «ያው ሽያጭ ሁለተኛ ጊዜ ሲላክ ለስልኩ ምን ትመልሳለህ?» ቢሉህ መልሱ ስሕተት ሳይሆን ያው የቀድሞው ትኬት ነው። ከላይ ያለው ትእዛዝ ግን ምንም ሳይመዘግብ ሲያልፍ የቀድሞውን ረድፍ አይመልስልህም፤ ለብቻው ማንበብ ይኖርብሃል። «ውሳኔህ ያልፈታው ምንድን ነው?» ሲሉህ ደግሞ አትሸፋፍን። ሁለት ሻጮች በሁለት ስልክ አንዱን መቀመጫ ቢሸጡ መለያዎቹ ስለሚለያዩ ይህ ዘዴ አያድንም። ለእሱ በጉዞውና በመቀመጫው ላይ ሌላ ገደብ አስገብተናል፤ እኔም ያሰብኩት ዘግይቼ፣ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ይዞ ሲጨቃጨቅ ካየሁ በኋላ ነው። በሁለተኛው ቃለ መጠይቄ ይህንን ስናገር ጠያቂው ሳቀና ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ሰዎች «እኔ» ማለት ያሳፍረናል፤ ሁሉንም «ሠራን፣ ወሰንን» እንላለን። ጠያቂው ግን ከዚያ ውስጥ አንተን መለየት አይችልም። ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ስሕተቱን በሙከራ ያሳየችው እሷ ነች፣ የወሰነው ቡድኑ ነው ብለህ ለየብቻ አስቀምጥ። ከስድስት ዓመትህ ውስጥ ሰው የተከራከረህን አንድ ውሳኔ አስታውስና እዚሁ ጻፈው፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚያንገዳግድህ እነግርሃለሁ።